ጥቁር የፀጉር ቀለምን ያለ ብሊች ስለ ማስለቀቅ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሽበት ስለ ወጣብኝ ላለፉት ሁለት ዓመታት በየስድስት ሳምንቱ ከፋርማሲ የምገዛውን ጥቁር ቀለም ቤት ውስጥ ራሴ ስቀባ ቆይቻለሁ፤ ሁልጊዜም ከሥር እስከ ጫፍ ነው የምቀባው። ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ይደርሳል፣ ሪላክሰርም እጠቀማለሁ። አሁን ጥቁረቱ ፊቴን ስላከበደው ወደ ቡናማ መመለስ እፈልጋለሁ። አንድ ፀጉር ቤት ሄጄ ስጠይቅ ሙሉውን በብሊች ማንሳት ግድ ነው አሉኝ፤ ተበጣጥሶ እንዳይቀር ፈራሁ። ከለር ሪሙቨር የሚባለው ነገር በእርግጥ ይሠራል?»

አዎ፣ ይሠራል። ሪላክሰር ለነካው ፀጉር ከብሊች በፊት መሞከር ያለበትም እርሱ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን አስቀድመው ቢያውቁ ብዙ ብስጭት ይቀርልዎታል። አንደኛ፣ ሪሙቨሩ የቀባነውን ቀለም ያወጣል እንጂ ፀጉሩን ከመቀባቱ በፊት ወደነበረበት አይመልሰውም። ሁለተኛ፣ የሥራው ትልቁ ክፍል መቀባቱ ሳይሆን ማጠቡ ነው። ሪሙቨር «አልሠራልኝም»፣ ወይም «ሠርቶ በማግሥቱ ተመልሶ ጠቆረብኝ» እያሉ ወደ እኔ የሚመጡ ሴቶች አብዛኞቹ የተሳሳቱት በእጥበቱ ላይ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ጥቁሩ ቀለም እንዴት እንደገባ ማየት ይጠቅማል። በካርቶን የሚሸጠው ቀለም ከሁለት ጠርሙስ ይቀላቀላል። በአንደኛው ውስጥ ያሉት የቀለም ቅንጣቶች ገና ጥቃቅንና ቀለም አልባ ስለሆኑ በአሞኒያው ወይም በተመሳሳይ ነገር ያበጠውን የፀጉር ቅርፊት አልፈው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ከሌላው ጠርሙስ የሚመጣው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ደግሞ እዚያው ውስጥ እርስ በርስ ያጣምራቸዋል። ሲጣመሩ ይተልቃሉ፣ ይጠቁራሉ፣ በገቡበት ቀዳዳም መውጣት ያቅታቸዋል። በሻምፖ ቢታጠብ የማይለቀው ለዚህ ነው። ሪሙቨር የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ፐርኦክሳይዱ ኦክሲጅን ሰጥቶ ያጣመረውን እርሱ ኦክሲጅኑን ነጥቆ ያላላዋል። ጥቁረቱ ይጠፋል፣ የላላው ቅሪትም በውኃ ለመውጣት ዝግጁ ይሆናል። ጠርሙሱ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ የሚያወጣው በውስጡ ያለው የድኝ ውሕድ ነው፤ ሥራውን የሚሠራውም ይኸው ውሕድ ነው።

ብሊች በሌላው ወገን የቆመ ነገር ነው። ኦክሲጅን ሰጪ ነው፤ የቀባነውን ቀለም ከተፈጥሮ ቀለማችን ለይቶ አያውቅም፣ ሁለቱንም ያቃጥላል፤ በዚያው መጠንም ፀጉርን አጥብቀው የያዙትን ማሰሪያዎች ይበጥሳል። ሪላክሰር ደግሞ ፀጉሩን ያለሰለሰው እነዚያኑ ማሰሪያዎች ፈትቶና ለውጦ ስለሆነ ፀጉሩ አንድ ጊዜ ተዳክሟል ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተደራረበን ጥቁር በብሊች ለማንሳት አንድ ዙር ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ በሁለተኛው ዙር ደግሞ የተለሰለሰ ፀጉር ሲረጥብ እንደ ላስቲክ ተስቦ ሲበጠስ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው።

አሁን ምን እንደሚጠብቅዎ ልንገርዎ። በየስድስት ሳምንቱ ለሁለት ዓመት ማለት 17 ጊዜ ያህል መቀባት ነው። ፀጉር በወር በአማካይ ከአንድ ሳንቲሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ስለሚያድግ፣ ሁልጊዜም እስከ ጫፍ ስለቀቡ፣ ጫፉ አሥራ ሰባቱንም ንብርብር ተሸክሟል፤ መሐሉ ሰባት ወይም ስምንት ይዟል፤ ከራስ ቅል አጠገብ ያለው ደግሞ አንድ ብቻ። በእያንዳንዱ ጊዜ የጥቁሩ ቀለም ፐርኦክሳይድ ቀለሙን ከማጣመር ጎን ለጎን የተፈጥሮ ቀለምዎን በጥቂቱ ሲያሳሳው ኖሯል። ጥቁሩ ስለሸፈነው አልታየዎትም እንጂ ከሥሩ ያለው ፀጉር ዛሬ ቀይ ቡናማ ወይም የመዳብ መልክ ይዟል። ሪሙቨሩ ሽፋኑን ሲገፍፍ የሚታየው ይህ ነው። ብዙዎች «ሪሙቨሩ ፀጉሬን ብርቱካናማ አደረገብኝ» ይላሉ፤ እርሱ ግን የተፈጥሮ ቀለምን አያነሣም፣ ቀድሞ የነበረውን ገለጠው እንጂ። ሽበቱም እንደዚሁ ይወጣል፤ አንዳንዴ ንጹሕ ነጭ ሆኖ፣ አንዳንዴም ቢጫነት ይዞ። ጥቁሩን መቀባት የጀመሩት በሽበት ምክንያት ስለሆነ፣ ይህ በመስተዋት ፊት ሲታይ እንዳያስደነግጥዎ ከአሁኑ ይወቁት።

ከመጀመርዎ በፊት ራስዎን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ በእነዚህ ዓመታት ፀጉርዎን ከዚያ የካርቶን ቀለም ሌላ ነገር ነክቶት ያውቃል? ሒና፣ በዱቄት መልክ የሚሸጥ ጥቁር ቀለም፣ ወይም በየቀኑ ሲቀቡት ሽበትን ቀስ በቀስ የሚያጠቁር ፈሳሽ ከሆነ መልሴ ይለወጣል። ሪሙቨሩ ሒናን አያስለቅቅም። ቀስ በቀስ የሚያጠቁሩት ፈሳሾች ደግሞ የብረት ጨው ሊኖራቸው ስለሚችል ያልታሰበ መልክ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ፐርኦክሳይድ ሲነካቸውም ፀጉሩን እስከ ማጋል ይደርሳሉ። እንዲህ ያለ ነገር ተቀብተው ከሆነ ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ ቀለም የሚያውቅ ባለሙያ በአንዲት ዘለላ ላይ ይፈትሽልዎ።

ሪላክሰሩንና ሪሙቨሩን በአንድ ሰሞን አይደራርቧቸው። እኔ ደንበኞቼን ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስጠብቃለሁ፤ የራስ ቅላቸው ቆዳ ቁስለት ወይም ቅርፊት ካለውም እስኪሽር ድረስ አልነካቸውም። ሹሩባ ከሆነ ይፈታ። ፀጉርዎን ቅቤ ወይም ዘይት የሚቀቡ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፤ ለጋ ቅቤ የቆየበት ፀጉር በአንድ ሻምፖ አይጠራም፤ ስቡ ፀጉሩን ሸፍኖ ሪሙቨሩን ከውጭ ያስቀረዋል። ኮንዲሽነር በሌለበት፣ ቅባትን አጥርቶ በሚያወጣ ሻምፖ ሁለት ጊዜ አጥበው፣ ያለ ምንም ቅባት አድርቀው፣ ፀጉሩን በጣትና በጣት መካከል ሲያሻሹት ሲጥ ሲጥ እስኪል ድረስ መጥራቱን ያረጋግጡ። ሪሙቨር የሚቀባው በደረቅ ፀጉር ላይ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ውኃው ያቀጥነዋል።

ከዚያ የዘለላ ሙከራ ይደረጋል። ከጆሮዎ ጀርባ፣ ከላይኛው ፀጉር ሥር፣ የእርሳስ ውፍረት ያላት ዘለላ ይለዩ። ከሪሙቨሩ ሁለት ጠርሙሶች ጥቂት ጥቂት በሚለካ ማንኪያ፣ በካርቶኑ ላይ በተጻፈው መጠን ይቀላቅሉ፤ አብዛኛዎቹ እኩል በእኩል ናቸው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ ኃይላቸው ቶሎ ስለሚደክም ተቀላቅሎ የተረፈው ለነገ አይቆይም። ዘለላዋን ከሥር እስከ ጫፍ በቅልቅሉ አርጥበው በፕላስቲክ ጠቅልለው 20 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ በደንብ አጥበው ያድርቁ። ይህች ዘለላ ሦስት ነገር ትነግርዎታለች፤ ከሥሩ ምን ዓይነት ቀይ እንዳለ፣ ጫፉ ምን ያህል እንደሚዘገይ፣ ፀጉሩም ለመሳብ ምን ያህል እንደሚበረታ። ረጥባ እያለች ቀስ ብለው ይሳቧት፤ ተስባ ካልተመለሰች ወይም ከተበጠሰች፣ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሪሙቨር ሳይሆን ጊዜና መቀስ ነው።

ሙከራው ደህና ከሆነ ወደ ሙሉው ፀጉር ይሂዱ። ለትከሻ ደራሽ ወፍራም ፀጉር አንድ ካርቶን ስለማይበቃ ሁለት ይግዙ፤ ቆጥቦ መቀባት ገንዘቡንም ፀጉሩንም ማባከን ነው። መስኮት ይክፈቱ፣ ጓንት ያድርጉ፤ አስም ያለብዎ ከሆነ ሌላ ሰው ይቀባልዎ፣ ሽታው ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ የብረት ጎድጓዳ ሳህን አይጠቀሙ። ብሊችንና ሪሙቨርን በአንድ ዕቃ ውስጥ ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ አንዱ ሰጪ ሌላው ነጣቂ ስለሆነ ሲገናኙ በኃይል ይግላሉ። ፀጉሩን በአራት ከፍለው፣ ብዙ ንብርብር ከያዘው ከጫፉና ከመሐሉ ይጀምሩ፤ የራስ ቅል አጠገብ ያለውን ገና ያልተቀባ አዲስ ፀጉር አይንኩት፣ የሚለቅ ቀለም የለውም። እያንዳንዱ ዘለላ ከጣትዎ ሥር ሙልጭልጭ እስኪል ይርጠብ። በፕላስቲክ ቆብ ይሸፍኑትና ካርቶኑ የሚለውን ጊዜ ያህል ያቆዩ። ፀጉር ቤት ከሆነ ካስክ ውስጥ ለብ ባለ ሙቀት እናስቀምጣለን፤ ቤት ውስጥ ከሆነ ቆቡ ላይ የሞቀ ፎጣ መጠምጠም ይበቃል።

አሁን ወደ እጥበቱ ልመለስ፤ ጽሑፌን ሁሉ ረስተው ይህን ብቻ ቢይዙት አይቆጨኝም። ጊዜው ሲያልቅ ፀጉሩ ቀልቶ ወይም ቡናማ ሆኖ ያዩታል፤ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ጥቁረቱ ጠፍቷል እንጂ የላላው ቅሪት ገና ከፀጉሩ ውስጥ ነው ያለው። በውኃ ካልወጣ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ቀስ በቀስ መልሶ ያጣምረዋል፤ ፀጉሩም በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይጠቁራል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንዲት ደንበኛዬ ልክ እንደ እርስዎ በቤቷ የቀባችውን ጥቁር ይዛ መጣች። ሪሙቨሩን ቀባሁላት፣ ከቆቡ ሥር ሲገለጥ ፀጉሯ የቀረፋ መልክ ይዞ አገኘሁት፣ ሁለታችንም ደስ አለን። ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና ሌሎች ደንበኞች ተራ ይጠብቁ ነበር፤ አምስት ደቂቃ ያህል አጥቤ፣ ኮንዲሽነር ቀብቼ፣ ፔስትራ አድርጌ ሸኘኋት። ሰኞ ዕለት ፎቶ ላከችልኝ። ከፊት በኩል ቀረፋው አለ፤ ከኋላ ግን፣ በማጅራቷ አካባቢ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ወደ ጥቁር ተመልሳ ነበር። ወዲያው ገባኝ፤ በመታጠቢያው ላይ ጋደም ስትል ማጅራቷ ገንዳው ላይ ስለሚያርፍ ውኃው በደንብ ያልደረሰው እዚያ ነበር። መልሼ አስጠራኋት፣ ያንን ቦታ ብቻ ደግሜ ቀባሁት፣ ከዚያም ሰዓት ይዤ 20 ደቂቃ አጠብኩ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ስለዚህ ሻወር ውስጥ ቆመው፣ ለብ ባለ ውኃ፣ ሰዓት ይዘው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠቡ። ፀጉሩን በእጅዎ እየጨመቁና እየለቀቁ፣ በስፖንጅ ውስጥ ያለ ሳሙና እንደሚያወጡ ያድርጉት፤ በተለይ ማጅራቱን፣ ከጆሮ ጀርባ ያለውንና የራስዎን መሐል። በመካከሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ሻምፖ ያድርጉ። በአንዳንድ ካርቶኖች ውስጥ ሦስተኛ ጠርሙስ አለ፤ የመጨረሻ ማጠቢያ ነው። አንዳንዱ ጥቂት ፐርኦክሳይድ ስላለው፣ ውኃው በደንብ ሳያወጣው ቀድሞ ከተቀባ፣ የላላውን ቅሪት እዚያው ውስጥ መልሶ ያጠቁረዋል። ካርቶኑ ከዚያ በፊት ይህን ያህል ደቂቃ እጠቡ ካለ አንዲትም ደቂቃ አይቀንሱ።

እጥበቱ መብቃቱን የሚፈትሹበት ቀላል መንገድ አለ። ፋርማሲ ውስጥ ለቁስል ማጠቢያ በቡናማ ጠርሙስ የሚሸጠውን 3 ፐርሰንት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በጥጥ ነክረው፣ ከማጅራት በኩል ባለች አንዲት ቀጭን ዘለላ ላይ ብቻ ይጫኑት፤ አምስት ደቂቃ ይጠብቁና በነጭ ፎጣ ላይ አድርገው ከጎኗ ካለችው ጋር ያስተያዩአት። መልኳ ካልተለወጠ ንጹሕ ነው። ከጠቆረች ውስጡ አሁንም ቅሪት አለ ማለት ነውና ወደ ውኃው ይመለሱ። በማግሥቱ በድንጋጤ ከማየት ያኔውኑ ማወቁ ይሻላል። ፈተናው እንዳለቀም ያቺን ዘለላ አጥበው ፐርኦክሳይዱን ያስወግዱ።

በእርስዎ ፀጉር ላይ የምጠብቀው ውጤት እንዲህ ያለ ነው። ከሥሩ ጥቂት ሳንቲሜትር የራስዎ ጥቁር ቡናማና ሽበትዎ፤ መሐሉ ቀረፋ ወይም መዳብ፤ ጫፉ ግን አሁንም ጥቁር ቸኮሌት። አሥራ ሰባት ንብርብር በአንድ ዙር ሁሉም ቢለቅ እገረማለሁ። ጫፉን በዚያው ቀን ለመጨረስ አይቸኩሉ። ሪሙቨር ከብሊች እጅግ የዋህ ቢሆንም ፀጉርን ያደርቃል፤ ለተለሰለሰ ፀጉር ደግሞ የበለጠ። አንድ ሳምንት ወፍራም ኮንዲሽነር እየተቀቡ፣ ፔስትራና ካውያ ሳያስነኩ ይቆዩ፤ ከዚያ ጫፉን ብቻ ለሁለተኛ ጊዜ ይቀቡ። ከሁለተኛው በኋላ ያልለቀቀ ጥቁር ካለ ሦስተኛ ዙር ብዙ ለውጥ አያመጣለትም። ያን ጊዜ ሦስት አራት ሳንቲሜትር መቆረጥ፣ ወይም ጫፉ ከመሐሉ ትንሽ ጠቆር ብሎ እንዲቀር መተው፣ ብሊች ከሚያደርሰው ጉዳት ይሻላል።

የቪታሚን ሲ ክኒን ፈጭቶ፣ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናን ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ቀላቅሎ የመቀባት ምክር ሰምተው ይሆናል። ሁለት ዓመት የቆየ ጥቁርን አያስለቅቅም። ሳሙናውና ሶዳው ፀጉሩን ያሻክሩታል፤ ከተሻከረ በኋላ ሪሙቨሩ በእኩል አይሠራበትም።

ቀረፋው ሲወጣ ወዲያው መልሶ ለመቀባት እጅዎ ይሞክራል። ትልቁ ወጥመድ ይኸ ነው። ፐርኦክሳይድ ያለው ቋሚ ቀለም በዚያው ቀን ከተቀባ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የቀረ ቅሪት ካለ ፐርኦክሳይዱ ያነቃዋል፣ የተራቆተውም ፀጉር አዲሱን ቀለም ከሚገባው በላይ ይጠጣዋል። ቀላል ቡናማ ብለው የቀቡት ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ልፋቱም ወደ ዜሮ ይመለሳል። መዳቡ ካስቸገረዎ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያህል ፐርኦክሳይድ የሌለው፣ በጥቂት እጥበት የሚለቅ ቡናማ ይጠቀሙ፤ «አሽ» ከሚባለው ወገን ሰማያዊ ያለበትን ይምረጡ፤ ሰማያዊው ብርቱካኑን ያጠፋዋል። ሽበቱን ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም፤ ነገር ግን ከቀረፋው ጋር ሲደባለቅ እንደ ቀጭን ብርሃን ይመስላል እንጂ እንደ ፊቱ ጎልቶ አይታይም።

ቋሚ ቀለም የግድ ከሆነ ከሁለት ሳምንትና ከብዙ እጥበት በኋላ ይሁን፤ ከሚፈልጉት በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ የፈካውን ይግዙ። አለርጂ እንዳይነሣብዎ ከክርንዎ መታጠፊያ ውስጥ ጥቂት ቀብተው 48 ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ በየስድስት ሳምንቱ ሲቀቡ አዲስ የወጣውን ሥር ብቻ ይቀቡ። ጫፉ ላይ ሲታጠቡ ኮንዲሽነር ቀብተው ያስቀምጡት፤ የሥሩ ቀለም ወርዶ ቢነካው እንኳ አይይዘውም።